ሲፒኤ ወይስ ኤሲሲኤ? ቨርጂንያ ያለ ጀማሪ ኦዲተር የጠየቀው

በዚህ መድረክ ላይ በየሳምንቱ የሚመላለስ ጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት የተከፈቱት ክሮች ግን አብዛኞቹ በስድብ ነው ያለቁት። ይኼኛው ቁም ነገር ስላለበትና ለአንባቢ ስለረዘመ፣ የክፍሉ አስተባባሪ እንደመሆኔ ምላሾቹን በተራቸው አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። በመሀል የራሴን ሐሳብ ጣል የማደርግበት ቦታም አለ።

የመነሻው ጽሑፍ። ጠያቂው ራሱን «ቲክ ማርክ» ብሎ ነው የሚጠራው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቋል። ያኔ ዲግሪው የሦስት ዓመት ነበር። አዲስ አበባ አንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ እየሠራ ኤሲሲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ፈተናዎች ተገላግሏል፤ ከፊሉ በዲግሪው ተቀንሶለታል፣ ከፊሉን ተፈትኖ አልፏል። አራቱ ከባዶቹ ሲቀሩት ዲቪ ደረሰው። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን በብዛት ኦዲት በሚያደርግ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ኦዲተር ሆኖ ይሠራል። ጥያቄው አጭር ነው፦ የጀመረውን ይጨርስ ወይስ ትቶት የአሜሪካኑን የሒሳብ ባለሙያነት ፈቃድ፣ ሲፒኤን፣ ከዜሮ ይጀምር? ለሁለቱም የሚሆን ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗንም ጨምሮ ጽፏል።

ምላሽ 1። «የጎፋው ልጅ» እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ በሙሉ ልብ ኤሲሲኤህን ጨርስ ይለዋል። ኤሲሲኤ በ180 አገር የሚታወቅ ስለሆነ አሜሪካም ውስጥ አንድ ፈተና ብቻ ወስዶ ሲፒኤ መሆን እንደሚቻል፣ በአገሮቹ ማኅበራት መካከል ስምምነት እንዳለም ጠቅሷል። ከዘጠኝ ፈተና በኋላ መተው የዘራኸውን ሳታጭድ መሄድ ነው ባይ ነው።

ምላሽ 2። እኚህን ሰው የመድረኩ ነባሮች ያውቋቸዋል። «ጋሽ ፓርትነር» ብለን የምንጠራቸው፣ በቨርጂንያ ፈቃድ ያላቸው፣ ለብዙ ዓመት የኦዲት ሪፖርት ሲፈርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የጎፋውን ልጅ በአክብሮት ነው ያረሙት። ስምምነቱ እውነት መሆኑን፣ ነገር ግን ከተወሰኑ ማኅበራት ጋር ብቻ መደረጉን ጻፉ፤ የስኮትላንድን፣ የአየርላንድን፣ የካናዳን፣ የአውስትራሊያን፣ የኒውዚላንድን፣ የሜክሲኮንና የደቡብ አፍሪካን ጠቀሱ። ኤሲሲኤ ከእነሱ ውስጥ የለም። ስኮትላንድና ለንደን ያሉትን ሁሉ «ቻርተርድ» እያሉ በአንድ ስም መጥራት ብዙ ልጆችን እንዳሳሳተም አስታወሱ። 180 አገር የሚባለው አባላትና ተማሪዎች የሚገኙበት አገር ብዛት እንጂ በእነዚያ ሁሉ አገሮች ሪፖርት መፈረም ይቻላል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የጻፉት የክሩ እምብርት ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ የኦዲት ሪፖርት የሚወጣው የስቴት ቦርድ ፈቃድ በሰጠው ድርጅት ስም ሲሆን፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውም ሲፒኤ ነው። ኤሲሲኤ ያለው ሰው ያውቅበታል፣ ይሠራል፣ ሲኒየርም ይሆናል፤ ብዙ ቢሮዎች ግን ከዚያ ወደ ላይ ሲያሳድጉ ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ልጁ የትኛው ትምህርት እንደሚበልጥ ከመጠየቅ ይልቅ የዛሬ አምስትና ስድስት ዓመት የት አገር ሆኖ እንደሚፈርም ለራሱ እንዲመልስ መከሩት። መልሱ ቨርጂንያ ከሆነ ነገሩ አልቋል። የቨርጂንያው ፈቃድ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ዲሲና ሜሪላንድ ያለ ደንበኛ ዘንድም እንደሚያሠራ አከሉ።

ምላሽ 3። «ሸገር ዱባይ» በዚህ ተናደደች። አሜሪካ ዓለም አይደለም ብላ ነው የጀመረችው። እሷ ባለችበት በኤሚሬትስ ኩባንያው ሒሳቡን የሚሠራው አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደንብ ነው፤ ከሰኔ 2023 ወዲህ የድርጅት ግብር 9 በመቶ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሒሳባቸውን በወጉ የሚያዘጋጅላቸው ሰው የሚፈልጉ ድርጅቶች በዝተዋል። ኤሲሲኤ የሌለው ሲቪ እንደማይከፈት፣ እሷም የተቀጠረችው በእሱ እንደሆነ ጻፈች። ጋሽ ፓርትነርን ግን ለምን «አባባ» እያለች እንዳሾፈችባቸው አልገባኝም። ሰውየው የተናገሩት ስለ ቨርጂንያ ብቻ ነበር።

ምላሽ 4። ጋሽ ፓርትነር አልተቆጡም። ለዱባይ የጻፈችው ትክክል መሆኑን፣ ልጁ ግን ግሪን ካርድ ይዞ አሌክሳንድሪያ መቀመጡን ብቻ አስታውሰው አለፉ።

ምላሽ 5። «ታክስ ማስተር» የሚባል ሰው ጥያቄውን ሳያነብ የገባ ነው የሚመስለው። ሁለቱንም ትተህ ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባል ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ ሁን አለ፤ ሦስት ክፍል ፈተና ብቻ ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቶ በታክስ ወቅት የአበሻውን ፎርም መሙላት ይቻላል። ስለራሱ ቢሮም በሰፊው አወራ። ያለው ሁሉ ለታክስ ሥራ እውነት ነው። ኦዲት መፈረም ግን አያስችልም፤ ልጁም የጠየቀው ስለ ኦዲት ነው።

ምላሽ 6። ከአዲስ አበባ «መዓዚ» ገባችና ነገሩን ወደ አገር ቤት መለሰችው። እሷም ጀማሪ ኦዲተር ናት፤ የቸገራት ግን ሌላ ነው። የኤሲሲኤ ክፍያ በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው የፈተና ክፍያ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኖባታል፤ ደመወዟ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። ስለዚህ በአዋጅ 847/2006 የታሰበው የራሳችን የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የራሱን ማዕረግ እስኪሰጥ ብጠብቅ ይሻላል ወይ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 7። «አራት ኪሎ» ሰፋ አድርጎ መለሰላት። አዋጁ ሁለት ነገር እንዳመጣ አስረዳ፤ አንዱ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ነው፣ ሌላው ወደ አይኤፍአርኤስ መግባታችን። በፊት የኦዲተር ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር፤ አሁን ቦርዱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ከሚፈርሙት መካከል ብዙዎቹ የኤሲሲኤ አባላት ናቸው። እዚያ የውጭው መንገድ በተግባር የአገር ውስጡ መንገድ ሆኗል፤ አሜሪካ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። መጠበቁ እድሜ እንደሚበላ፣ ገንዘቡ ካስቸገራት በዓመት አንድ አንድ ፈተና እያለች እንድትሄድ መከራት። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የፈተናው ክፍያ ከአንድ ወር ደመወዝ ለሚበልጥባት ሰው ምክሩ ቀላል ሆኖ እንደማይታያት ግን ይገባኛል። መዓዚ ከዚያ በኋላ አልጻፈችም።

ምላሽ 8። ጠያቂው ተመልሶ መጣና አንድ የሥራ ገጠመኝ ተናገረ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለሦስት ዓመት ፕሮግራም የሚሆን የ300,000 ዶላር ግራንት ከለጋሽ ተቀብሏል፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ባንክ ገብቷል። እሱ የዘንድሮውን 100,000 ገቢ አድርጎ፣ የቀረውን 200,000 ወደፊት የሚታወቅ ገቢ ብሎ ዕዳ ውስጥ አስቀመጠው። ሲኒየሯ ፋይሉን ስታይ በቀይ መልሳለታለች። እሱ ያደረገው አዲስ አበባ የተማረው ስለሆነ የቱ ጋ እንደተሳሳተ አልገባውም። ኤሲሲኤ ላይ የለፋው ሁሉ እዚህ ዋጋ የለውም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 9። ጋሽ ፓርትነር እዚህ ላይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። ድርጅቱ የሆነ መለኪያ ካላሟላ ገንዘቡን ይመልሳል የሚል ውል ካለ፣ መለኪያው እስኪሟላ ድረስ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ውሉ ይህንን ለሦስት ዓመት ፕሮግራም አውሉት ብቻ ካለ ግን በአሜሪካው ሥርዓት 300,000 ሙሉው በመጀመሪያው ዓመት ገቢ ነው። ያልተነካው 200,000 ዕዳ አይሆንም፤ የለጋሽ ገደብ ያለበት የተጣራ ሀብት ሆኖ ይታያል፣ ፕሮግራሙ በተሠራ ቁጥርም ከገደብ ይለቀቃል። የልጁ አሠራር ከአይኤፍአርኤስ የመንግሥት እርዳታ ደንብ የመጣ ነው። እንዲህ ሲሠራ ድርጅቱ የሌለበትን ዕዳ የተሸከመ መስሎ ይታያል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ያላገኘውን ገቢ ያገኘ ይመስላል። ሲኒየሯ ያየችው ይህንን ነው። ቀጥሎ ውሉን አውጥቶ መልሱልኝ የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲፈልግ፣ ካገኘም ይዞ እንዲከራከራት ነገሩት።

የለፋው ግን ከንቱ አልሆነም። የአሜሪካው የኦዲት አሠራር፣ ማለትም ስጋት መለየት፣ የጉልህነት መጠን ማውጣት፣ ናሙና መውሰድ፣ ማስረጃ መመዘን፣ ከዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ በሲፒኤው የኦዲት ክፍል ላይ ይጠቅመዋል። የሚጎዳው ሁለት ቦታ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት ክፍሉ ላይ እንደ ግራንቱ ያሉ ልዩነቶች ያጋጥሙታል፤ የሕግና ታክስ ክፍሉ ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ ስለሆነ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ምንም የለም።

ምላሽ 10። የጎፋው ልጅ ስለ ስምምነቱ የጻፈውን ሳያነሳ፣ እንዲያውም ይሄ ሁሉ ልዩነት ካለ ልጁ ሲፒኤውን ይጀምር ብሎ ዞረ። ሲፒኤ አራት ፈተና ብቻ ስለሆነ በአንድ ዓመት ያልቃል አለ።

ምላሽ 11። «ሦስት ጊዜ ወድቄ» የሚል ስም የያዘች ሴት ናት የመለሰችለት፤ ምላሷ ስለት ነው። አራት ፈተና የሚለው ቃል ብዙ ትዳር እንደበጠበጠ ጻፈች። ከ2024 ወዲህ ሁሉም ሦስቱን ዋና ክፍሎች ይወስዳል፤ አራተኛውን ከሦስት አማራጮች ይመርጣል። እያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው፣ ማለፊያው 75 ነው፣ ለመመዝገብም ለአንዱ ከ250 ዶላር በላይ ይከፈላል። ከወደቅህ ደግሞ እንደገና ትከፍላለህ። የመጀመሪያውን ካለፍክ በኋላ ቀሪዎቹን በ30 ወር ውስጥ ካላለፍክ የመጀመሪያው ይሰረዛል። ድሮ 18 ወር ነበር፤ እሷ ያቃጠላት ያ ነው። አራተኛውን ሲመርጥም ቢሮው በጎ አድራጎት ስለሚሠራ ብቻ የትንተናና ሪፖርት ክፍሉን እንዳይመርጥ አስጠነቀቀችው። የበጎ አድራጎት ሒሳብ በዋናው የፋይናንስ ሪፖርት ክፍል ውስጥ ስላለ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ የታክሱን አማራጭ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ከትንተናው ይልቅ ብዙ ነው። የሕግና ታክስ ክፍሉን እንዳለፈ ወዲያው ቢፈተነው ያጠናው ሳይበርድ ይጠቅመዋል።

ምላሽ 12። ጠያቂው ከመፈተን በፊት ያለውን ነገር አነሳ። የትምህርት ማስረጃ ግምገማ አድርጎ እንደሆነ ጋሽ ፓርትነር ጠይቀውት ነበር፤ አላደረገም። የአሜሪካ ባችለር የአራት ዓመት ስለሆነ የሦስት ዓመት ዲግሪው ነገር ያስፈራዋል።

ምላሽ 13። «ኖቫ ማታ» የሚባለው ልጅ የራሱን አመጣ፤ ከክሩ ሁሉ ይህን ምላሽ ነው ሰው አስቀምጦ እንዲይዘው የምመክረው። እሱም የሦስት ዓመት ተመራቂ ነው። ገምጋሚው ዲግሪውን ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ብሎለታል፤ ሰዓቱን ሲቆጥር ግን 108 ክሬዲት ነው የሰጠው። ቨርጂንያ ለመፈተን 120 ይፈልጋል። የጎደለው 12 አራት ኮርስ ማለት ነው። ሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ኮርስ እየወሰደ በሁለት ሴሚስተር ሞላው። ዝም ብሎ የቀለለውን አልመረጠም። ቦርዱ ከጠቅላላው 120 ውስጥ 24 ክሬዲት ከመግቢያው ከፍ ያለ አካውንቲንግ፣ ሌላ 24 ደግሞ የቢዝነስ ኮርስ ይፈልጋል፤ በአካውንቲንጉ ውስጥ ኦዲትና ታክስ መኖር አለባቸው። የእሱ ትራንስክሪፕት ላይ ታክሱ ከፐብሊክ ፋይናንስ ጋር በአንድ ኮርስ ተጠርቶ ስለነበር አጠራጠረ። የፌዴራል ታክስ ኮርስ ሲወስድ የጎደለውን ክሬዲትም ሞላ፣ የቦርዱን መስፈርትም አሟላ፣ ለፈተናውም ተዘጋጀ።

ምላሽ 14። «አራት ኪሎ» አንድ ጥርጣሬ አመጣ። ከእሱ ጋር የተመረቀች ልጅ ሌላ ገምጋሚ ድርጅት ጋ ሄዳ የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈላት፤ ባችለር አልተባለም። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው ዓመት። እንዲህ ከሆነ የጎደለውን ክሬዲት መሙላት ብቻ እንደማይበቃ፣ ዲግሪው ራሱ እንደሚጠየቅ አሳሰበ።

ምላሽ 15። ጋሽ ፓርትነር ይህ ስጋት የምር መሆኑን አረጋገጡ። ልዩነቱ አሁን የበለጠ ክብደት እንዳለውም አስረዱ። ቨርጂንያ ከጥር 2026 ጀምሮ አዲስ መንገድ ከፍታለች፤ ባችለር ያለው ሰው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ካለው፣ ድሮ ፈቃድ ለማግኘት ይጠየቅ የነበረውን 150 ክሬዲት ሳይሞላ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ለልጁ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠላሳ ክሬዲት ከመግዛት አሁን እየሠራ ያለውን ዓመት ይቆጥርለታል። ግን በሩ የሚከፈተው ባችለር ለተባለ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ቦርዱ የትኞቹን ገምጋሚዎች እንደሚቀበል በኢሜይል ጠይቆ መልሱን እንዲያስቀምጥ፣ የሥራ ልምዱንም ፈቃድ ያለው አለቃው እንዲያረጋግጥለት ከአሁኑ እንዲነግረው መከሩት።

ምላሽ 16። ሸገር ዱባይ በለዘበ ድምፅ ተመለሰች። ኤሲሲኤ ላይ የተገላገላቸው ዘጠኝ ፈተናዎች እንደ ትምህርት ተቆጥረው ክሬዲት አይሰጡትም ወይ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 17። የጎፋው ልጅ በእርግጠኝነት ይሰጣሉ አለ። ጋሽ ፓርትነር እንደ ገምጋሚውና እንደ ቦርዱ ነው፣ በዚህ ላይ ተማምኖ ኮርስ መሰረዝ አይገባም ብለው ጻፉ። «ሦስት ጊዜ ወድቄ» የጎፋውን ልጅ አንድ ቀን እንኳ የማላውቀውን አላውቅም ብለህ ጻፍ አለችው። እሱም እሷ ያልወደቀችበት ነገር ካለ እንድትነግረው ጠየቃት። ይህን ሁለት ምላሽ ላጠፋው ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለሳቀበት ተውኩት።

ምላሽ 18። አሁንም ያልተቋጨው የቀሩት አራት የኤሲሲኤ ፈተናዎች ነገር ነው። ኖቫ ማታ ለዘላለም ተዋቸው ይላል። ሸገር ዱባይ በየዓመቱ የተማሪነቱን ክፍያ እየከፈልክ በሩን ክፍት አድርገው ትላለች። እሷ አንድ ጥሩ ክርክር አላት፤ አራቱን ከባዶች ለመጨረስ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ገደብ መቆጠር የሚጀምረው ከእነሱ አንዱን ካለፈ ጀምሮ ነው፣ እሱ ደግሞ አንዱንም አላለፈም፤ ስለዚህ ገና ሰዓቱ አልጀመረበትም። የሲፒኤው 30 ወር ግን አንዱን እንዳለፈ ይጀምራል። በዚህ ላይ አራት ኪሎ ኤሲሲኤ ከ2027 ጀምሮ የፈተናውን አደረጃጀት እንደሚቀይር ማስታወቁን ጠቅሶ፣ በኋላ ሲመለስ አራት የነበረው አራት ሆኖ ላይጠብቀው እንደሚችል አሳሰበ። እኔ ክፍያውን እየከፈለ ያቆየው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን ልጅ ለሚወልድ ሰው ያም ገንዘብ ነው።

ምላሽ 19። ጠያቂው ሁሉንም አመስግኖ ሲፒኤውን እንደሚጀምር፣ መጀመሪያ ግምገማውን እንደሚያስደርግ ጻፈ። ግራንቱንም ነገር ነገረን፤ ውሉን አውጥቶ አነበበው፣ መልሱ የሚል ቃል የለበትም፤ 200,000ውን ከዕዳ አውጥቶ ገደብ ወዳለበት ሀብት አዛወረው። አሁን የገጠመው ችግር ሌላ ነው። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ይፈልጋል፤ ሬጅስትራሩ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሳይከፈል አልክም ብሏል። ዕዳውን ማን ይክፈልለት፣ በምን ወረቀት?

ምላሽ 20። ታክስ ማስተር በዚህ ላይ ሳይታሰብ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ለወንድሙ ይህንኑ አስጨርሷል። ዲሲ ያለው ኤምባሲ ሄዶ ውክልና እንዲሰጥ፣ ውክልናው ላይ ዕዳ መክፈልና ትራንስክሪፕት ማስላክ በግልጽ እንዲጻፍ፣ ተወካዩም የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ሬጅስትራሩ ጋ እንዲሄድ ነገረው። ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዘው ሄደው የተመለሱ ሰዎች እንዳሉም ጨመረ።

ምላሽ 21። ጠያቂው እህቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለምትሠራ እሷን እንደሚወክል ጻፈ። ኖቫ ማታ የመጪው ሴሚስተር ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት የፌዴራል ታክሱን ኮርስ አሁኑኑ እንዲመዘገብ፣ ግምገማው ምንም ይምጣ ምን ያ ኮርስ እንደማይጠፋበት ነገረው። ጋሽ ፓርትነር አውራ ጣት ምልክት አደረጉ።